የአባቴ ስም ሐሰተኛ የተባለ ጊዜ

ሰቆጣ አካባቢ፣ ዝቋላ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራለሁ። ሰው ስለዚያ ዓመት ሲያነሳብኝ «አልፏል እኮ፣ እርሺው» ይለኛል። አልረሳሁትም። መርሳትም አልፈልግም።

የላብራቶሪ ባለሙያችን የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከእሱ በፊት የነበረችው ልጅ ወደ ሰቆጣ ተዛውራ ብዙ ጊዜ ያለ ላብራቶሪ ስለቆየን ሁላችንም በደስታ ተቀበልነው። ደስ የሚል ሰው ነበር። ጋዋኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ሽማግሌዎችን ከመቀመጫው ተነስቶ ይቀበላል፤ ሕፃናት ጣታቸውን ሲወጉ እንዳያለቅሱ ያጫውታቸዋል። ዲፕሎማውን ኮፒ አድርጎ በመስታወት አስገብቶ ከላብራቶሪው በር በላይ ሰቅሎታል። ከእኛ መካከል ማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር። እኔ እንዲያውም ለሙያው ክብር ያለው ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

እኛ ዘንድ ዝናብ ሲያበቃ ወባ ይነሳል፣ በተለይ ወደ ቆላው። ያኔ ፈጣን መመርመሪያ ስለነበረን ሥራው ቀላል ነበር። ጣት ወግተህ የደም ጠብታ ታደርጋለህ፣ ጥቂት ትጠብቃለህ፣ መስመር ከወጣ ወባ አለ። ይህንን ማንም አንድ ቀን ያየ ሰው ይሠራዋል። ችግሩ የመጣው መመርመሪያው ሲያልቅ ነው። መኪና አልመጣም፣ መንገድ ተዘጋ፣ ሰቆጣ ውስጥም መመርመሪያ የለም ተባለ። ስለዚህ ወደ ማይክሮስኮፕ ተመለስን። ደሙ በመስታወት ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ ዓይን ያለው ሰው ተቀምጦ ይፈልጋል። ሙያ የሚባለው ይህ ነው።

ማይክሮስኮፕ ከጀመርን በኋላ ወባ ከወረዳችን የጠፋ መሰለ። ትኩሳት ያለበትን ሁሉ እልካለሁ፤ ውጤቱ «አልታየም» ተብሎ ተፈርሞበት ይመለሳል። አንድ ሁለቴ ጠየቅሁት።

«እርግጠኛ ነህ? ሰውየው እኮ ይንቀጠቀጣል።»

«ሲስተር፣ ዘንድሮ ታይፎይድ ነው የበዛው» አለኝ ሳይደነግጥ። «አንቺ መድኃኒትሽን ስጪ፣ ላብራቶሪውን ለኔ ተዪው።»

ተውኩለት። የትምህርት ወረቀት ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አንዱ ሌላውን አምኖ እንዲሠራ ነው። እኔ የደም ናሙና ማንበብ አልተማርኩም፤ እሱ ተምሬያለሁ ብሎ ከበሩ በላይ ሰቅሏል።

ከዚያ ያቺ ሴት መጣች። ቤቷ ወደ ሰሃላ በሚወስደው መንገድ ነው፤ ከባሏ ጋር ፍየል ያረባሉ። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሆዷ ገፍቷል። አማርኛዋ ብዙ ስላልሆነ በኽምጣንጋ አነጋገርኳት፤ እኔም ያደግኩበት ቋንቋ ነው። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ይበርደኛል፣ ማታ ማታ ይብስብኛል አለችኝ። በግንባሯ ላይ እጄን ሳደርግ ያቃጥል ነበር። ወደ ላብራቶሪ ላክኋት። «አልታየም» ተብሎ ተመለሰ። ለእርጉዝ የሚሆን መድኃኒት ሰጥቼ፣ ካልተሻላት ሳትቆይ እንድትመለስ ለባሏ አጥብቄ ነግሬ ሸኘኋት።

የተመለሰችው በቃሬዛ ነው። ባሏና ጎረቤቶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመዋት መጥተዋል። ስጠራት አትሰማኝም፤ ዓይኗ ተከፍቷል ግን አያይም። የወረዳው መኪና በእግዚአብሔር ቸርነት በግቢ ውስጥ ነበር፤ ጫንናትና ግሉኮሷን በእጄ ይዤ ሰቆጣ ሆስፒታል አደረስኳት። እዚያ ያለው የላብራቶሪ ሰው ደሟን ወስዶ ብዙም ሳይቆይ ወጣ።

«ይህቺን ማን ነው ወባ የለባትም ያላት?» አለኝ። «መፈለግ አያስፈልገውም እኮ። መስታወቱን ሞልቶታል።»

የወባ መርፌ ተጀመረላት። ሴትየዋ ተረፈች። በሆዷ ያለው ልጅ አልተረፈም። እሷም እስከ ዛሬ ግራ እጇ ይከዳታል፤ እቃ ስታነሳ ይወድቅባታል። ባሏ በሆስፒታሉ ኮሪደር ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ፣ «እንዲህ ያለ በሽታ ነው ወይስ እኛ ዘግይተን ነው?» አለኝ። አልዘገያችሁም ብቻ አልኩት። እውነት ነው፤ በሰዓቱ ነበር የመጡት።

ተመልሼ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። የተመረመሩ መስታወቶች ይቀመጣሉ፤ ሆስፒታሉ በየጊዜው እያየ እንዲያርም ነው ደንቡ። እነሱ ይላኩ አልኩ።

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል ሲስተር?» አለ ኃላፊው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ማንሳት ግን አይወድም። «ልጁ አዲስ ነው፣ እየሠራ ይለምዳል።»

«በማን ላይ ነው የሚለምደው?»

ደስ አላለውም። ቢሆንም መስታወቶቹን ላካቸው። ምላሹ አጭር ነበር። አብዛኞቹ በትክክል ስላልተቀለሙ ሊነበቡ አይችሉም፤ ከሚነበቡት ውስጥ ደግሞ «አልታየም» በተባሉት ላይ ወባ አለ። ልጁን ጠርተው ሲጠይቁት ቀለሙ ጊዜው አልፎበታል አለ። ቀለሙ ጊዜው አላለፈበትም ነበር፤ ጠርሙሱን እኔው ራሴ አምጥቼ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያኔም በቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ቀጠለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ፣ መክፈል የሚችለውንም የማይችለውንም፣ ሰቆጣ ሂድ እል ጀመር። በዚህ የተነሳ ሰው አማረረብኝ።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ማስረጃ ይጣራል የሚል ሰርኩላር መጣ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ሁሉ ዋናውን ማስረጃ ይዞ ይቅረብ፤ የወረዳው የሰው ሀብት ቢሮ ኮፒውን ወዳስተማረው ተቋም ልኮ «በእርግጥ የእናንተ ነው ወይ» ብሎ ይጠይቃል ተባለ። ሲኦሲ የምንለው የብቃት ፈተናም እንዲሁ ከፈተነው ማዕከል ይጠየቃል። በስሙ፣ በዓመተ ምሕረቱ ወይም በሌላ ነገር ስህተት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ከመጣራቱ በፊት በጽሑፍ ያመልክት ይላል።

እኔ ስህተት ነበረብኝ። የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ግን ነበረ። የአባቴ ስም የኽምጣንጋ ስም ነው፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ አለው። የአሥረኛ ክፍል ካርዴ ላይ በ«ኽ» ተጽፏል። ኮሌጁ ዲፕሎማዬን ሲያትም «ክ» አደረገው። ሥራ ስቀጠር ይህንኑ ለሰው ሀብት ሠራተኛው አሳይቼው ነበር። ሰርኩላሩ ሲመጣም ይዤ ሄድኩና እንደገና አሳየሁት።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ እየሳቀ። «አንድ ፊደል እኮ ናት። ያንን ሁሉ ሰው ትተን በአንቺ ፊደል እንሠቃይ?»

«በጽሑፍ ያመልክት ይላል እኮ።»

«አውቄዋለሁ፣ ይዤዋለሁ። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

እኔም በቃሉ አምኜ ተመለስኩ።

ወራት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለሌላ ጉዳይ ሄድኩ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ሰው ተሰብስቧል። ስቀርብ መንገድ ለቀቁልኝ፤ እንዲህ ሲሆን ነገር እንዳለ ይታወቃል። «ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተገኘባቸው» ይላል ርእሱ። ከጤና ጣቢያችን ሁለት ሰው ነው ያለው። አንደኛው የላብራቶሪው ልጅ። ሁለተኛዋ እኔ።

ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ቆይቶ ነው በዚያ ሰሌዳ ላይ ስሜ ከእሱ ስም ሥር እንደተጻፈ የገባኝ። ወደ ሰው ሀብት ቢሮ ገባሁ። ያው ሠራተኛ ነበር።

«ኮሌጁ በዚህ ስም የተመረቀች የለችም አለ» አለኝ፣ አሁን ሳይስቅ። «እኔ ምን ላድርግ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ሁለቴ ነው ያሳየሁህ።»

«የተጻፈ ነገር አለሽ?»

አልነበረኝም። ደብዳቤ ሰጡኝ። ማስረጃዬ እስኪጣራ ከሥራ ታግጃለሁ፣ በተሰጠኝ ጊዜ ውስጥ መልስ ካላቀረብኩ ጉዳዬ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራል ይላል። ለእሱም የተሰጠው ተመሳሳይ ደብዳቤ ነው። ቃል በቃል አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።

ገና «እስኪጣራ» እያሉ በሰሌዳ ላይ «የተገኘባቸው» ብለው መለጠፋቸው እስካሁን ያቃጥለኛል። ሰርቄ ቢሆን እንኳ እስኪፈረድብኝ ተጠርጣሪ ነበር የምባለው።

ከዚያ ሁሉ የባሰው ግን የመጣው ከግቢው ስወጣ ነው። የዚያች ሴት ባል ፍየል ሊሸጥ ወርዶ ኖሮ በር ላይ ቆሟል። ማንበብ አይችልም፤ አንብበውለት ኖሯል። ሰላምታ ሰጠሁት፣ አልተቀበለኝም።

«አንቺም እንደዚያው ኖረሻል ለካ» አለኝ በኽምጣንጋ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ከመካከላችሁ አንድ እንኳ የተማረ አልነበረማ?»

ላስረዳው ጀመርኩ። ስለ ፊደል፣ ስለ ኮሌጅ፣ ስለ ኅትመት ስህተት። ሲሰማኝ ቆይቶ ዱላውን በትከሻው አድርጎ ሄደ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

በነጋታው ሰቆጣ ገባሁ። ማስረጃዬን በሙሉ ኮፒ ለማድረግ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። ጎልማሳው ባለቤት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አይቶ ችግሬ ወዲያው ገባው።

«ለዚች ብለሽ ነው ኮሌጅ ድረስ የምትሄጂው?» አለኝ። «ስካን አድርጌ ፊደሏን ልቀይርልሽ። ቀለሙም ማኅተሙም እንዳለ ነው። ማን ያውቃል?»

በክፋት አልነበረም ያለው፣ ሊረዳኝ ነው። ወረቀቶቼን ከእጁ ወሰድኩ።

«ይህንን ካደረግክልኝ ያኔ በእርግጥ ሐሰተኛ እሆናለሁ» አልኩት። «አሁን እውነተኛ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ስህተት ያለበት እውነተኛ።»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ኮፒውን ሠራልኝ።

አባቴ የሚኖሩት ሰቆጣ ዙሪያ ነው። ማታ ቤታቸው ደርሼ ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። እድሜያቸው ገፍቷል፣ አማርኛም የሚናገሩት ከባለሥልጣን ጋር ብቻ ነው።

«የማን ስም ነው ሐሰተኛ የተባለው?» አሉኝ።

«የእርስዎ አባዬ። ማለቴ አጻጻፉ።»

«የኔ ስም?» አሉ። «ይህን ስም ያወጡልኝ አያቴ ናቸው። ግብር የከፈልኩበት ነው፣ መሬት የተመራሁበት ነው። እናትሽን ያገባሁበት ነው። ሰምተው መጻፍ ያቃታቸው እነሱ፣ ሐሰተኛው እኔ?»

«ፍርድ ቤት ቀርበው ቢመሰክሩልኝ…»

«አሁን ተነሺ ብትይኝም እሄዳለሁ።»

እንዴት እንደሚደረግ የነገረችኝ የኮሌጁ ሬጅስትራር ናት፤ አስቀድሜ በስልክ አግኝቻት ነበር። ብዙ ተማሪ እንዲህ ሆኖባት ስለምታውቅ አልተገረመችም። በመጀመሪያ ዲፕሎማው ላይ ምንም እንዳትነኪ አለችኝ፤ በእስክሪብቶ እንዳትጨምሪበት፣ እንዳትፍቂ፣ ላሚኔትም እንዳታደርጊው። ሁለቱም አጻጻፍ የአንድ ሰው ስለመሆኑ ከፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ። የአሥረኛ ክፍል ካርድሽን ዋናውን፣ መታወቂያሽን፣ የተማሪ መለያ ቁጥርሽን ያዢ። ማመልከቻሽን ጽፈሽ ለመሥሪያ ቤትሽም ኮፒ አስገቢ፣ ገቢ ቁጥር አስደርጊበት። «በቃል የነገርሻቸውን አናውቅም ቢሉሽ መልስ አይኖርሽም» አለችኝ። ይህንንስ ተምሬዋለሁ አልኳት።

ዝቋላ እንደተመለስኩ ለወረዳው የጽሑፍ መልስ አስገባሁ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደመጣ፣ ለማረም ምን እያደረግኩ እንደሆነ ዘርዝሬ ኮፒ ላይ ገቢ አስመታሁበት። ያው ሠራተኛ ነበር የመታልኝ። ዓይኔን አላየም።

ሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ፍርድ ቤት የቀጠሮው ቀን አባቴ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው በጠዋት ደረሱ። ሁለተኛው ምስክር ሰቆጣ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሀጂ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ እኔንም ከሕፃንነቴ የሚያውቁ። ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ምስክሮቹን አስምላ ስትጨርስ አባቴን ስማቸውን እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው። አባቴ ተናገሩ። ጸሐፊው ቀና አለ።

«እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አለ።

«እንደተናገርኩት» አሉ አባቴ።

ጸሐፊው ጻፈ። ዳኛዋ ወረቀቱን ወስዳ አይታ፣ «በ‹ኽ› ነው» ብላ በእጇ አስተካከለችለት። ፍርድ ቤቱም ውስጥ ያው ስህተት ሊደገም ነበር። ሀጂ፣ «ልጅቷ የእሳቸው ናት፣ እሳቸውም እሳቸው ናቸው፤ ሌላ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላውቅም» ብለው መሰከሩ። በሁለቱም አጻጻፍ የተጠራችው አንድ ሰው መሆኗ ተረጋግጧል የሚል ውሳኔ ተሰጠኝ። አባቴ ሲወጡ፣ «እኔ እኔ ነኝ ለማለት ነው እንግዲህ የማልኩት» አሉኝ። የኮሩም የተናደዱም ይመስላሉ።

ኮሌጁ ጋ ለመድረስ መንገድ እስኪከፈት ጠበቅኩ። ሬጅስትራሯ ጠና ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ፋይሌን በመለያ ቁጥሬ ወዲያው አወጣችው። የመግቢያ ቅጼ፣ ፎቶዬ፣ ውጤቴ፣ ሁሉም በ«ኽ»። ዲፕሎማው ብቻ ነው በ«ክ» የታተመው።

«የጠየቁን ጊዜ የመለሰላቸው ልጅ በስም ብቻ ነው የፈለገው» አለችኝ። «ዲፕሎማው ላይ ያለውን ስም ሲያስገባ የለም አለው። ቁጥሩን ቢያይ ኖሮ ያገኝሽ ነበር። ይቅርታ፣ ይሄ የእኛ ጥፋት ነው።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ ይቅርታ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። እዚያው እንባዬ መጣ፤ ውኃ አምጥታ ሰጠችኝ። የድሮውን ዲፕሎማ ተቀብላ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም አድርጋ ፋይል ውስጥ አስቀመጠችው፤ ሁለት ዲፕሎማ በአንድ ሰው እጅ እንዳይኖር ነው። በምትኩ የተሰጠ መሆኑ የተጻፈበት አዲስ ተዘጋጀልኝ። ለወረዳው የሚሄደውን ደብዳቤ ግን በእጄ አልሰጠችኝም።

«የማስረጃ ማረጋገጫ ከተቋም ወደ ተቋም ነው የሚሄደው» አለች። «በባለጉዳይ እጅ ከሄደ መልሰው ይጠረጥሩሻል። በፖስታ እልካለሁ፣ ቁጥሩን ያዢ።»

ልክ ነበረች። ደብዳቤው ሲደርስ ማንም ሊናገርበት አልቻለም።

የላብራቶሪው ልጅ ጉዳይ በሌላ መንገድ ሄደ። የእሱ ኮሌጅ የመለሰው፣ አንድ ዓመት ተምሮ ማቋረጡን፣ ዲፕሎማው ላይ ያለው ቁጥር የሌላ ተመራቂ መሆኑን፣ ፊርማውም የእነሱ እንዳልሆነ ነው። የብቃት ፈተና ማዕከሉም በዚያ ስም የተፈተነ የለም አለ። ኮሚቴው ክሱን በጽሑፍ ሰጥቶት መልስ እንዲያቀርብ ጊዜ ሰጠው። ኃላፊያችን የኮሚቴው አባል ስለነበር ያለውን ሰምቻለሁ። ተምሬያለሁ፣ ያልጨረስኩት በችግር ነው፣ ወረቀቱን ያሠራልኝ ደላላ ነው፣ እኔ ሐሰት መሆኑን አላውቅም አለ። ያልተማረበትን ሁለት ዓመት፣ ያልተቀመጠበትን ፈተና እንዴት ሳያውቅ እንደቀረ ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ።

ከሥራ ተሰናበተ። የሙያ ፈቃዱ በሐሰተኛ ማስረጃ የተገኘ ስለሆነ ፈቃዱን የሰጠው የጤና መሥሪያ ቤት ሰረዘው፤ በግል ክሊኒክ እንኳ መቀጠር እንዳይችል ስሙ ተላለፈ። ፋይሉም ለዐቃቤ ሕግ ተመራ። ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ፤ ውሳኔው ጸና። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን መስታወት ያወረደችው የጽዳት ሠራተኛችን ናት፣ ማንም ሳያዛት።

ሰው አዘነለት። ይህ ነው ከሁሉ የሚያናድደኝ። «ልጁ እንጀራውን አጣ»፣ «ስንቱ በሐሰት ወረቀት ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የለ፣ እሱ ላይ ምን አበረታቸው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔን ደግሞ ነገሩን የነካካሁት እኔ እንደሆንኩ አድርገው ያዩኛል። ትልልቆቹም ይያዙ፣ እኔ ምን አገባኝ? ግን ደም አነባለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ያላነበበውን ፈርሞ ሲሰጥ ዝም ልል ነበር?

እኔ በደብዳቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የታገድኩበትም ጊዜ እንደሠራሁበት ተቆጠረልኝ። ሰው ሀብት ቢሮ ገብቼ ደብዳቤውን ተቀብዬ ብቻ አልወጣሁም።

«ሰሌዳው ላይስ?» አልኩ።

«ሰሌዳው ምን ሆነ? ማስታወቂያውን አንስተነዋል እኮ።»

«ስሜን ሰው ሁሉ ካነበበው በኋላ ነው ያነሳችሁት። ማስረጃዋ ትክክለኛ ነው የሚል በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው መጠን ይለጠፍልኝ።»

«ሲስተር፣ እንዲህ የሚል አሠራር የለም።»

«እስኪጣራ ድረስ ሐሰተኛ ብሎ የሚለጥፍ አሠራርስ የትኛው ላይ ነው ያለው?»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ላከኝ። ኃላፊው ከመናገሬ በፊት የኮሌጁን ደብዳቤ አነበበ፤ የገቢ ቁጥር ያለውን ማመልከቻዬንም አየ። ሠራተኛውን ጠርቶ፣ «ለጥፍላት» አለው። ተለጠፈ። በአነስተኛ ፊደል ነበር፣ በሰሌዳው ጥግ። ቀድጄው ሁለተኛ አስጻፍኩ። ገበያ ቀን ነበር፤ በኽምጣንጋ ጮክ ብዬ ለቆመው ሰው ሁሉ አነበብኩለት። የሴትየዋ ባል በዚያን ቀን አልመጣም። ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነበብኩላቸው። ባልየው ሰምቶ፣ «እንግዲያ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ። ሚስቱ በቀኝ እጇ ወተት አቀረበችልኝ። ግራው ጭኗ ላይ ተኝቷል።

ልጁን ባለፈው ሰሞን ሰቆጣ ገበያ ውስጥ አገኘሁት። የስልክ ዕቃ ይሸጣል፣ አሁንም ፈገግታው እንዳለ ነው። አይቼ ላልፈው ነበር፣ እሱ ጠራኝ።

«ሲስተር፣ ተመለስሽ አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ቀጠለና፣ «እኔና አንቺ እኮ አንድ ቀን ነው የተለጠፍነው። አንቺ ሰው ነበረሽ፣ እኔ አልነበረኝም» አለ።

«እኔ የነበረኝ ሰው አይደለም። ሦስት ዓመት የተማርኩበት ፋይል ነው።»

«ያው ነው። ወረቀት ነው።»

ገበያ መሐል ልጮህበት አልፈለግኩም።

«የዚያች ሴት እጅ እስካሁን አልዳነም» አልኩት። «ሌላም ልጅ አልወለደችም። አንድ ቀን ሄደህ ይቅርታ ብትላት ምን አለበት?»

ግራ በመጋባት አየኝ። እያስመሰለ አልነበረም፤ ከልቡ እያሰበ ነበር።

«የትኛዋ ሴት?» አለኝ።